የእህቴን ልጅ የትምህርት ክፍያ ከውጭ ሆኜ ከፋፍዬ ልክፈል ብዬ ለትምህርት ቤቱ እንዴት ልጻፍ? (ሐዋሳ)

አጎት ከሽቱትጋርት

ሰላም ለሁላችሁም። የእህቴ ልጅ ሐዋሳ አንድ የግል ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ገብቷል። የሚከፍለው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት 48 ሺህ ብር ነው። ሲመዘገብ 12 ሺህ ተከፍሏል፣ 36 ሺህ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ የቀረውን እስከ ጥቅምት 10 ባንዴ አስገቡ ብሏል። እኔ ደግሞ ደመወዜ የሚገባው በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ነው። ከኪራዩና እዚያው ከምረዳቸው ሰዎች ጋር ሲደማመር ባንዴ አይወጣልኝም። በሦስት ጊዜ ልክፈል ብዬ ልጽፍላቸው ነው። የጻፍኩት ይኸው፦

«ክቡራን፣ እኔ የተማሪው አጎት ነኝ፣ የምኖረውም በውጭ አገር ነው። ቀሪውን ክፍያ በተቻለኝ መጠን በየጊዜው እየላክሁ እጨርሳለሁ። ገንዘቡ በደረሰ ቁጥር ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ስለ ትብብራችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።»

ይበቃል? ደግሞስ በላክሁ ቁጥር መድረሱን በምን ላረጋግጥ? እህቴን በየጊዜው «ሂጂና ጠይቂ» ማለት ሰልችቶኛል።

የታቦር ልጅ

ኧረ አትጨነቅ ወንድሜ። ስትልክ ስክሪንሾት አንስተህ በቴሌግራም ለትምህርት ቤቱ ልቀቅላቸው፣ አለቀ። እኔ ሁለት ልጆች እንዲህ ነው የማስተምረው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ የምትልክበት ሒሳብ በትምህርት ቤቱ ስም የተከፈተ ይሁን። በግለሰብ ስም የሆነ ቁጥር ከሰጡህ አትላክ። «የድሮው ሒሳብ ተቀይሯል» የሚል መልእክት ከመጣም ደውለህ ሳታጣራ ንክች እንዳታደርግ።

ደብተሬ

ኮስት ሼሪንግ ከሆነ እኮ አሁን መክፈል የለብህም። ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ዩኒቨርሲቲውን ውሉን አሳዩኝ በላቸው።

የታቦር ልጅ

@ደብተሬ ልጁ 7ኛ ክፍል ነው 😂 ዩኒቨርሲቲ ገና አምስት ስድስት ዓመት ይቀረዋል።

ደብተሬ

ይቅርታ፣ «ወሰነ ትምህርት» የሚለውን ሳይ ዩኒቨርሲቲ መስሎኝ ነው። ቀጥሉ።

ካሸሯ

እኔ ሐዋሳ የግል ትምህርት ቤት ፋይናንስ ውስጥ ነው የምሠራው። ስሙን አልጠራም። ከእኛ ወገን ሆኜ ልንገርህ።

መጀመሪያ ደብዳቤህን ልያዝ። «በተቻለኝ መጠን በየጊዜው» የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ ምንም ላደርግበት አልችልም። ርዕሰ መምህሩም አይፈርምበትም። የምንፈልገው ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን የሚለውን ነው። ቀንና ብር ያለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። እኛም ልጁን «ያልከፈለ» ከሚለው ዝርዝር አውጥተን «በስምምነት የሚከፍል» የሚለው ውስጥ የምናስገባው በዚያ ነው። አለበለዚያ በጥቅምት 11 ስሙ ያልከፈሉት ጋ ይለጠፋል፣ ቅጣትም መቁጠር ይጀምራል።

ሁለተኛው፣ አንተ ለእኛ ማነህ? አትቆጣኝ። ውል የፈረመችው እናቱ ናት። ማንም ከውጭ ጽፎ «የተማሪ እከሌ አጎት ነኝ» ቢለን ስለ ልጁ ሒሳብ ልንነግረው አንችልም። ስለዚህ ደብዳቤውን አንተ ጻፍ፣ ከታች ግን እህትህ «ወንድሜ ክፍያውን በተመለከተ ከትምህርት ቤቱ ጋር እንዲጻጻፍ ፈቅጃለሁ» ብላ ትፈርምበት። መዝገብ ቤት ገቢ ታድርገው፣ ቀሪው ላይ ቁጥርና ቀን ታስጽፍ። በኢሜይል የላክኸው ብቻውን ተኝቶ ነው የሚቀረው። የእኛን ኢሜይል ማን እንደሚከፍተው እኔም አላውቅም።

ሦስተኛው ስለ ማረጋገጫ ነው፣ እሱ ረጅም ነው። ቡና ልጠጣና እመለሳለሁ።

ሚኒሶታ

ካሸሯ እስክትመለስ የእኔን ልንገራችሁ። እኔ ለእናቴ ቤት ኪራይ ነው የምልከው፣ ግን ነገሩ አንድ ነው። አገር ቤት ሒሳብ ከፍቼ በባንኩ መተግበሪያ ራሴ ነኝ ከዚህ ሆኜ የማስተላልፈው። ማንንም ሂድ አልልም። ችግሩ ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በኢትዮጵያ ሲም ነው፣ ሲሙ ደግሞ እዚህ አንዳንዴ ይይዛል አንዳንዴ አይይዝም። የኪራዩ ቀን ደርሶ ኮዱ እምቢ ሲል ስልኩን እያየሁ ቁጭ ነው። ይህን የፈታ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ካሸሯ

ተመለስኩ። @የታቦር ልጅ፣ ስለ ሒሳቡ ስም ያልከው ልክ ነው። በስክሪንሾቱ ግን አልስማማም። ያንተ ትምህርት ቤት ይቀበልህ ይሆናል። እኛ ጋ ስክሪንሾት ማስታወሻ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። ባለፈው ወር የሌላ ሰው ስክሪንሾት ላይ ስም ቀይሮ የላከልን ነበር።

አሁን አሠራሩን ላስረዳህ። ጠዋት የባንኩን መግለጫ አወጣለሁ። መግለጫው ላይ ቀን፣ የብር መጠን፣ የማስተላለፊያ ቁጥርና የላኪው ስም አለ። የተማሪው ስም የለም፣ ላኪው ካልጻፈው በቀር። 12 ሺህ ብር የከፈለ ወላጅ ደግሞ አንድ አይደለም። በአንድ ቀን ስምንት «12,000.00» ልታገኝ ትችላለህ። ከነዚያ መካከል ያንተን ከሌላው በምን ልለየው? ስለዚህ ገንዘቡ ሒሳባችን ውስጥ እያለ ልጁ «ያልከፈለ» ይባላል። ወላጅ «ልኬያለሁ» ይላል፣ እኛ «አልደረሰንም» እንላለን። ሁለታችንም አልዋሸንም።

መፍትሔው «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ የሚጻፈው ነው። ባዶውን አትተወው፣ «ለትምህርት ቤት» ብለህም አትጻፍ፣ ወደ እኛ የሚላከው ሁሉ ለትምህርት ቤት ነውና። የልጁን ስምም ብቻውን አትጻፍ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በሁለት n፣ ሌላው በአንድ n ይጽፈዋል፣ መዝገባችን ላይ ደግሞ ሌላ ነው። መታወቂያው ላይ ያለውን የተማሪ ቁጥር ጻፍ፣ ክፍሉንና ስንተኛ ክፍያ እንደሆነ ጨምር። ይህን ያህል ይበቃል፦

```
ST NO 1187 GRADE 7B
SEM 1 2018 PAYMENT 2 OF 4
```

ሲመዘገብ የተከፈለው አንደኛው ነው፣ ስለዚህ ያንተ ከሁለተኛው ይጀምራል። 1187 ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ የልጁን ቁጥር ከእህትህ ጠይቅ።

አጎት ከሽቱትጋርት

እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ግን አንድ ጥያቄ፦ እኔ ያሰብኩት ከዚህ ባንክ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ መላክ ነበር። ባንኩ የላክሁበትን ወረቀት ይሰጠኛል። እሱ ማረጋገጫ አይሆንም?

ፒያሳ ቅርንጫፍ

እኔ በአንድ ባንክ የውጭ ሐዋላ ክፍል ሠርቻለሁ፣ ይህን እኔ ልመልስ።

የምትለው ወረቀት MT103 የሚባለው ነው። እሱ የሚያሳየው ገንዘቡ ካንተ ባንክ መውጣቱን ነው። እዚህ ሒሳብ ላይ መግባቱን አያሳይም። በመሃል ሌላ ባንክ አለ፣ እሱም አገልግሎቱን ከገንዘቡ ላይ ይቀንሳል። ስትልክ የወጪ ምርጫ ይመጣልሃል። OUR ካልክ ወጪው ያንተ ነው፣ SHA ካልክ ትካፈላላችሁ፣ BEN ካልክ ከተቀባዩ ላይ ይነሳል። ብዙ ሰው ሳያየው SHA ላይ ትቶት ያልፋል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ጋ የጎደለ ገንዘብ ይደርሳል።

ምንዛሪውም አለ። ዩሮው ብር የሚሆነው እዚህ ባንክ ሒሳቡ ላይ በሚያስገባበት ቀን ዋጋ ነው እንጂ አንተ በላክህበት ቀን አይደለም። ድሮ በቀናት ውስጥ ብዙ አይነቃነቅም ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ግን ዋጋው በገበያ ነው። በትክክል 12 ሺህ ብር እንዲደርስ አድርገህ ዩሮውን ልታሰላ አትችልም፣ ወይ ይተርፋል ወይ ይጎድላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የእንዲህ ያለው ሐዋላ ወጪ ለትንሽም ለትልቅም ገንዘብ ያው ነው ማለት ይቻላል። 12 ሺህ ብር በዩሮ ሲመታ ብዙ አይደለም። በሦስት ጊዜ ስትከፍለው ያንኑ ወጪ ሦስት ጊዜ ልትከፍል ነው። ሙሉውን ዓመት ባንዴ የሚከፍል ሰው በዚህ መንገድ ይላክ። ከፋፍሎ ለሚከፍል ግን አይመከርም።

የታቦር ልጅ

ታዲያ በስልክ መተግበሪያዎቹ ይላካ! እነሱ ርካሽ ናቸው፣ ወዲያው ነው የሚደርሱት።

ፒያሳ ቅርንጫፍ

ርካሽ ናቸው፣ እውነት ነው። ግን አብዛኞቹ ከሰው ወደ ሰው ብቻ ናቸው፣ የድርጅት ሒሳብ ሲሰጣቸው አይቀበሉም ወይም ይመልሳሉ። ተመላሹ እስኪገባ ደግሞ የክፍያው ቀን ያልፋል።

እኔ ብሆን ለእህቱ እልካለሁ። መተግበሪያው ላይ የዩሮውን መጠን ከማስገባት ተቀባይ የሚደርሰውን ብር ማስገባት ይቻላል። 12,000 ብሎ ይጻፍ፣ ዩሮውን ራሱ ያሰላል። እሷ ሒሳብ ላይ ልክ 12 ሺህ ይገባል። ከዚያ እሷ ከስልኳ ወደ ትምህርት ቤቱ ታስተላልፋለች፣ ካሸሯ የሰጠችውን ጽሑፍም «ምክንያት» ላይ ታስገባለች።

አጎት ከሽቱትጋርት

እህቴን አምናታለሁ፣ እንዳትሳሳቱ። ግን ቤቱ ውስጥ ብዙ ጉድጓድ አለ። እጇ ላይ ገንዘብ ካለ አንድ ታማሚ ይመጣል፣ አንድ ለቅሶ ይመጣል፣ እምቢ አትልም። በቀጥታ ልላክ ያልኩት ለዚህ ነው።

እትዬ አቶቴ

ልጄ፣ እኔ እናት ነኝ፣ ከዚያኛው ወገን ልናገር። ወንድሜ ከጅዳ ሲልክልኝ ነበር። ገንዘቡ በእጄ ሲያልፍ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ትምህርት ቤት ስሄድ «ከፋይ» ሆኜ ነው የምገባው። በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ መላክ ሲጀምር ግን መምህራኑ ሳይቀሩ «አጎቱ ነው የሚከፍለው» ማለት ጀመሩ። ልጁም ሰማ። እህትህን ጠይቃት፣ አንተ ብቻ አትወስን። ስለ ለቅሶው ያልከውን ግን አልክድም፣ እውነት ነው።

ካሸሯ

እትዬ፣ ልክ ብለዋል። እኔ በመሃል የምለው ይህን ነው፦ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ለእናንተ ማረጋገጫ የሚሆነው የትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ነው። የባንክ ስሊፕ ደረሰኝ አይደለም። ስሊፑ ወይም የማስተላለፊያ ቁጥሩ ይመጣልኛል፣ እኔ መግለጫው ላይ አገኘዋለሁ፣ ደረሰኝ በተማሪው ስም ይቆረጣል። ደረሰኙ ካልተቆረጠ ልጁ እኛ ዘንድ አልከፈለም። ወላጆች ስሊፑን ኪሳቸው ከትተው ቤት ይሄዳሉ፣ ፈተና ሲደርስ «ከፍያለሁ» እያሉ ኮሪደር ላይ ይሰለፋሉ።

ስለዚህ ደብዳቤህ ላይ ጠይቅ፦ «ደረሰኙ ሲቆረጥ ፎቶው በዚህ ቴሌግራም ይላክልኝ።» አንድ ፎቶ ነው፣ አይከብደንም። የማይከብደን ግን የማስተላለፊያ ቁጥሩን ቀድመህ ከላክህልን ነው።

ቁጥሩን ራስህ እንዴት እንደምታይም ልንገርህ። ከንግድ ባንክ የተላለፈ ከሆነ FT ብሎ ይጀምራል። ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጅ ዓመት ናቸው፣ ከዚያ ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። FT25308 ብሎ የጀመረ በ2025 በ308ኛው ቀን ነው የተላለፈው፣ ያም ጥቅምት 25 ነው። የባለፈው ወር ስክሪንሾት አምጥቶ «ዛሬ ከፈልኩ» የሚለኝን ሰው በዚህ ነው የምይዘው። አንተም እህትህ የላከችልህን ቁጥር አይተህ የዛሬ መሆኑን ታውቃለህ፣ ጭቅጭቅ አያስፈልግም። የጉድጓዱ ነገር የሚያሳስብህ ከሆነ እሱም ትንሽ ይረዳሃል።

አጎት ከሽቱትጋርት

ይሄ ወርቅ ነው። እህቴንም ጠየቅኋት። በእሷ በኩል እንዲሆን ትመርጣለች፣ እትዬ እንዳሉት። እንግዲህ ለእሷ ልኬ በዚያው ቀን እንድታስተላልፍ ተስማምተናል። አሁን ቀኖቹን ላስተካክል። እኔ በፈረንጆቹ 30 አካባቢ ይገባልኛል። በኛ ስንት ይሆናል?

ፒያሳ ቅርንጫፍ

ኦክቶበር 30 ጥቅምት 20 ነው። ኖቬምበር 30 ኅዳር 21፣ ዲሴምበር 30 ታኅሣሥ 21። ለመላኪያና ለእሑድ ጥቂት ቀን ጨምርና በየወሩ 25 በል። ደብዳቤው ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈው። «በ10ኛው ወር በ5» ብለህ ብትጽፍ አንተ ኦክቶበር 5 ማለትህ ነው፣ እዚያ ያለው ሰው ሰኔ 5 ብሎ ሊያነበው ይችላል።

አጎት ከሽቱትጋርት

እንግዲህ ይህን አዘጋጀሁ። ተመልከቱልኝ፦

«ለ…… ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ሐዋሳ

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት ቀሪ ክፍያ በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ስለመጠየቅ

የተማሪ ቁጥሩ …… የሆነው የ7ኛ ቢ ክፍል ተማሪ …… የእህቴ ልጅ ሲሆን፣ የትምህርት ክፍያውን የምሸፍነው እኔ ነኝ። ከ48,000 ብር ውስጥ 12,000 ብር በምዝገባ ወቅት ተከፍሏል፣ የደረሰኙ ቁጥር ……። ደመወዜ የሚገባው በፈረንጆች ወር መጨረሻ በመሆኑ ቀሪውን 36,000 ብር እንደሚከተለው እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 25 ቀን 2018 (ኖቬምበር 4) 12,000 ብር። ኅዳር 25 (ዲሴምበር 4) 12,000 ብር። ታኅሣሥ 25 (ጃንዋሪ 3) 12,000 ብር።

እያንዳንዱ ክፍያ በተማሪው እናት ስም ይተላለፋል። በተላለፈበት ቀን የማስተላለፊያ ቁጥሩን፣ የብሩን መጠንና የተማሪውን ቁጥር ለፋይናንስ ክፍል በቴሌግራም እልካለሁ። ገንዘቡ በሒሳባችሁ መግባቱ ሲረጋገጥ የተቆረጠው ደረሰኝ ፎቶ እንዲላክልኝ፣ ዋናው ለእናቱ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። በእነዚህ ቀናት እስከከፈልኩ ድረስ የዘገየ ክፍያ ቅጣት እንዳይታሰብ፣ የተፈቀደውም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከታች የእህቴ ፈቃድና ፊርማ አለ።

ካሸሯ

ጎበዝ! ይህን እኔም እፈርምበታለሁ። «በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ያልከውን እንዳታወጣው። በቃል የተፈቀደ ነገር ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር ይረሳል።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልንገርህ። የታኅሣሡን ቀን ሊነኩብህ ይችላሉ። ፈተና ጥር ላይ ነው፣ ብዙ ትምህርት ቤት ደግሞ ለፈተና ክፍያ ያጠናቀቁትን ዝርዝር ቀደም ብሎ ነው የሚዘጋው።

ሚኒሶታ

የሲሙን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም እኮ 🙂

ፒያሳ ቅርንጫፍ

@ሚኒሶታ እሱ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ባንክህን በሌላ መንገድ ኮዱን የሚልኩ ከሆነ ጠይቃቸው። እኔ የሠራሁበት ያኔ በሲም ብቻ ነበር።

አጎት ከሽቱትጋርት

መልስ መጣ። እህቴ ማህተም ያለበትን ፎቶ ላከችልኝ። ሦስት ጊዜው ተፈቅዷል፣ ቅጣትም የለም። ካሸሯ እንዳለችው የመጨረሻውን ግን ወደ ታኅሣሥ 20 አምጥተውታል። ታኅሣሥ 20 ዲሴምበር 29 ነው። ደመወዜ ከመግባቱ አንድ ቀን በፊት! ሌላ ደብዳቤ ልጻፍ?

የታቦር ልጅ

እህትህ ለአንድ ሳምንት ከዕቁብ ታበድርህ።

እትዬ አቶቴ

ዕቁቡን አትንካባት ልጄ። ይልቅ የኅዳሩን ከፍ አድርገህ የታኅሣሡን ቀንስ፣ ከቻልክ።

አጎት ከሽቱትጋርት

ኅዳር ላይ እስከ 15 ሺህ ልደርስ እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ አይሆንልኝም። 9 ሺህ ለታኅሣሥ ይቀራል።

ካሸሯ

ደብዳቤ አትጻፍ። ለጥቂት ቀን በደብዳቤ አይጠየቅም፣ ቢሮክራሲ ነው የምታበዛው። ኅዳር ላይ 15ቱን ላክ፣ ምክንያቱ ላይ ያው PAYMENT 3 OF 4 ይጻፍ። ከዚያ እህትህ ሁለቱን ደረሰኝ ይዛ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ፋይናንስ ትግባና ታናግራቸው። 39 ሺህ የከፈለ ልጅ ለ9 ሺህ ብር ከፈተና ሲወጣ እኔ አላየሁም፣ የእናንተ ትምህርት ቤት ግን ምን እንደሚል አላውቅም። ከሰዓት ትሂድ፣ ጠዋት መግለጫ ላይ ስለምንሆን ማንንም አንሰማም።

አጎት ከሽቱትጋርት

እሺ፣ እነግራታለሁ። የጥቅምቱን ማክሰኞ እልካለሁ።